በሃምሳው የጾመው መሪጌታ

እናቴ አበደች የተባለችው በእኔ ምላስ ጦስ ነው። ምላሴ ድሮም ጣጣ አያጣም። ከአራተኛ ክፍል የቀረሁት በቤት ውስጥ ሥራ ብዛት ቢሆንም፣ አባቴ ግን «አስተማሪው ሲሳሳት ዝም ማለት አቅቷት ነው» እያለ ለሰው ያወራ ነበር። ያኔ አባቴ የሚቀልድ ሰው ነበር።

ወንድሜ ሰጠኝ የሞተው ጥር ላይ ነው። ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ወባ ይዞት መጣ። አባቴ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ከጎንደር አድባራት በአንዱ ድጓ የሚያስተምር ሰው ነው፤ «መጀመሪያ ጸበሉን ይጨርስ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት እንወስደዋለን» አለ። ጸበሉን ሳይጨርስ ልጁ አለቀ።

ፋሲካ አልፎ ግንቦት እንደገባ የእናቴ የማኅበር ሴቶች ሊጠይቋት መጡ። መጡና ተቀመጡ። ዝም። አንዷ «ኤዲያ!» ትላለች፣ ሌላዋ ከንፈሯን ትመጥጣለች፣ እንደገና ዝም። እኔ ደግሞ ዝምታ ሲበዛ ያሳክከኛል። «ሰጠኝን ማሰሮ የዋጠው ጊዜ ትዝ ይልሻል?» አልኳት እናቴን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሰጠኝ ትንሽ ሳለ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ወለቃ ሄዶ ማሰሮ እንዲገዛ ተላከ። ሲመለስ በረዶ ያዘው። ብልጥ ነኝ ብሎ ማሰሮውን ራሱ ላይ ደፋ። መግባቱን ገባ፣ መውጣቱን ግን እምቢ አለ። ማሰሮ እንደለበሰ በእጁ እየዳበሰ ሽቅብ ሲመጣ አንድ አህያ ነጂ አየውና «እግር ያወጣ ማሰሮ!» ብሎ አህዮቹን ጥሎ ሮጠ። እቤት ሲደርስ እናቴ ዘነዘና አነሳች። ከውስጥ ሰጠኝ ምን አለ? «ቀስ ብለሽ ምቺ፣ ውስጥ ሰው አለ!»

እናቴ ሳቀች። ፈገግታ አይምሰላችሁ። ጎኗን ይዛ፣ ወደ ኋላዋ ተንጋላ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ መንገድ ላይ ለቅሶ ሆነ፤ «ውስጥ ሰው አለ፣ ውስጥ ሰው አለ» እያለች ደረቷን ትመታ ጀመር።

ሴቶቹ ተያዩ። የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ሸዋአየሁ ሦስት ጊዜ አማተበች። «በልጇ ሐዘን የምትስቅ እናት! በሉ እንግዲህ፣ ልቧ ተነክቷል።»

ወሬው ከእኛ ግቢ እስኪወጣ እንኳ አልጠበቀም። ሁሉም ያየውን ይጨምርበት ጀመር። ጎህ ሲቀድ ሰጠኝ «እማዬ» ብሎ ከአጥር ውጭ ይጠራታል፣ ወጥታም በር ትከፍታለች። እሱ ይቀመጥበት የነበረ መደብ ላይ ሰው አታስቀምጥም። አንድ ቀን ሙሉ ስታለቅስ ትውልና በማግስቱ ገበያ ወርዳ ከበርበሬ ነጋዴ ጋር ትጨቃጨቃለች። እህል እየለቀመች ለብቻዋ ሙሾ ታወርዳለች፦

*ሰጠኝ ብዬ ስምህን፣ ማን ይቀማኝ ብዬ፣*
*የሰጠው ራሱ ወስዶህ፣ ባዶ ሆነ ጓዳዬ።*

ይህ ሁሉ ተለቅሞ እብደት ሆነ። እኔም ጓዳ ገብቼ ምላሴን ነከስኩ። ያን ማሰሮ ምናለ ባላነሳው!

አባቴ ግን የሐዘን አርአያ ተባለ። ከግድግዳው ጥግ ይቀመጣል፣ አይናገርም። ቢያጎርሱት አንድ ጉርሻ ይዞ ይቀራል። ዶሮ ሳይጮህ ተነስቶ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ቀድሞ ሊደርስ ነው ብዬ እኔ ራሴ ለጎረቤት ሁሉ በኩራት አወራሁለት። ተማሪዎቹ ዜማ ሲያበላሹ ድሮ በመቋሚያው መሬቱን የሚደበድበው ሰው አሁን ዝም ይላል። «ትዕግሥት ተሰጠው» አሉ። «እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እኔ ኃጢአተኛ ነኝ» ሲል ደግሞ «ትሕትናውን እዩ!» ብለው ትከሻውን ይስሙታል። እትዬ ሸዋአየሁማ «ወንድሜ ኢዮብን ሆኗል» ትል ነበር፤ ስትናገር ኢዮብን ራሱን የምታውቀው ትመስል ነበር።

ከዚያ እትዬ ሸዋአየሁ ስለ እናቴ ስለ እናኑ ቆረጠች። «እናኑ ሩቅ ጸበል መሄድ አለባት። እምቢ ካለችም ታስራ።»

ታስራ! እናቴ በእኔ ቀልድ ልትታሰር ነው። ያን ዕለት ለማንም ሳልናገር ገበያ ወረድኩና ወደ ጃናሞራ፣ ወደ መካነ ብርሃን የሚመለስ ነጋዴ ፈልጌ ለእናቴ ወንድም ለአያ ፋንታሁን መልእክት ላክሁ። «እህትህን ሊያስሯት ነው፣ ድረስ» ብቻ ነው ያልኩት።

አያ ፋንታሁን ከጃናሞራ በበቅሎ ደረሰ። ካባው ላይ ገና የደጋው ብርድ አለ። በር ላይ ቆሞ እትዬ ሸዋአየሁን ከላይ እስከ ታች አያት።

«ምነው? እህቴ በሬ ናት እንዴ የምትጠመድ?»

«ልቧ ተነክቷል ወንድሜ! ትስቃለች!»

«በሳቅ የተነካ ልብ እኔ አላየሁም። የእኛ እናት ስትሞት እናኑ ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ ነበር የሚይዛት። አሁንስ ቢሆን ጸበሉ የት ይሄዳል? መጀመሪያ ሐኪም ይያት።»

«ሐኪም የነፍስ ነገር ምን ያውቃል?»

«አንቺስ?» አለ አያ ፋንታሁን።

እትዬ ሸዋአየሁ የሳተችው ነገር ካለ እዚህ ጋ ነው፤ ከገጠር የመጣ ሰው ዝም ይላል ብላ ገምታ ነበር። ተሸነፈች፤ ግን «እኔም አብሬ እሄዳለሁ፣ ባሏም ይሂድ፣ ጸበል ትሂድ ሲባል ፈቃድ የሚሰጥ እሱ ነው» አለች። አባቴ ተነሳ። ከቤታችን እስከ ሆስፒታሉ አጭር መንገድ ነው። እሱ ግን ውኃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው እግሩን እየጎተተ ነበር። «አርጅቷል» አልኩ በልቤ። አባቴ ገና ሃምሳም አልሞላው።

ሐኪሙ ዶክተር ሐዲስ ይባላል። መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። አዲስ አበባ የአእምሮ ሕሙማን በሚተኙበት ሆስፒታል ሠርቶ ነው የመጣው ይላሉ። ሲገባ «እንደምን አደራችሁ» አለን። ሁላችንም መለስን። አባቴ «ይመስገን» ያለው ሐኪሙ ወንበሩን ስቦ ከተቀመጠና ወረቀቱን ካስተካከለ በኋላ ነበር። ዶክተሩ ቀና ብሎ አየውና ምንም ሳይል ወደ እናቴ ዞረ።

«እሜቴ እናኑ፣ እንቅልፍ ይወስድዎታል?»

«ሲወስደኝ እተኛለሁ፣ ሲመጣብኝ አለቅሳለሁ። ምነው?»

«ምግብስ?»

«መጀመሪያ አመድ አመድ ይለኝ ነበር። አሁን እበላለሁ። ለፋሲካ ዶሮም በላሁ። ከበላሁ በኋላ ‹ልጇን አፈር በልቶት እሷ ዶሮ ትበላለች› ብዬ አለቀስኩ።»

«ይኸው!» አለች እትዬ ሸዋአየሁ።

«ሰማሁ» አላት ዶክተሩ። ወደ እናቴም ዞረ። «ሰጠኝ ይጠራኛል ብለዋል አሉኝ።»

«ጎህ ሲቀድ። ‹እማዬ› ይላል። በር ከፍቼ አያለሁ። የለም።»

«እንደሌለ ያውቃሉ?»

«ምን ነካህ ልጄ! ቀብሬዋለሁ እኮ።»

«ሌላ የሚሰድብዎ፣ እንዲህ አድርጊ ብሎ የሚያዝዝዎ ድምፅስ አለ?»

እናቴ በአገጯ እትዬ ሸዋአየሁን አመለከተች። «እሷ ብቻ።»

አያ ፋንታሁን ወደ መስኮቱ ዞሮ አሳለ። ዶክተሩም ከንፈሩን ነከሰ፤ አይቼዋለሁ።

«ራስዎን ይወቅሳሉ?»

«እንዴት አልወቅስ! ሁመራ ሲወርድ መንገዱ ላይ ተጋድሜ መከልከል ነበረብኝ። ስንቁን ራሴ ቋጠርኩለት።» አለቀሰች። እስክታበቃ ጠበቃት።

«በዚህ ብቻ ነው? ወይስ በሌላውም ነገር፣ እንደ እናት፣ እንደ ሰው፣ ዋጋ የለኝም ይላሉ?»

«በሌላውማ ምን አጠፋሁ? ሸጋ ልጅ አሳድጌ ነበር።»

«መሞት ያምርዎታል?»

«እሱ ዘንድ ልሂድ እላለሁ። ከዚያ ይህችን መዘዘኛ ማን ይድራታል እላለሁና እተወዋለሁ።» መዘዘኛዋ እኔ ነኝ።

«ሰጠኝ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?»

አቤት የእናቴ ፊት! ደመና ሲገለጥ እንዳለ ነው። «አይ ሰጠኝ! አንድ ቀን ማሰሮ...» ብላ ራሷ ጀመረች። «ውስጥ ሰው አለ» ላይ ስትደርስ ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ከዚያም ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጫነች።

ደረቷን አዳመጠ፣ የዓይኗን ቆብ ገልብጦ አየ፣ ሆዷን ነካካ። ከዚያ ለአያ ፋንታሁን ነገረው። «እህትዎ አላበዱም፣ አልታመሙም። አዝነዋል። የሞተ ልጅ ድምፅ መስማት በሐዘን ላይ ያለ ነው፣ መሞቱን እስካወቁ ድረስ አያስፈራም። ሐዘናቸው ይመጣል፣ ይሄዳል። በመካከሉ ይበላሉ፣ ይገበያያሉ፣ ልጃቸውን ሲያስታውሱ ይስቃሉ። ሳቁ የጤናቸው ምልክት ነው።»

«መድኃኒቱስ?»

«አልሰጥም። ያልቅሱ፣ ሰው አይለያቸው፣ ማንም አይሰራቸው። እንደ ዛሬው መብላቱንና መተኛቱን ከተዉ፣ ወይም ሳቁ ከነአካቴው ከጠፋ ያን ጊዜ አምጧቸው።»

እኔ መቀመጫዬ ላይ ቀለጥኩ። ማሰሮው ጥፋት አልሆነም! ልቤ የቀለለው ግን ለአፍታ ብቻ ነው። ዶክተሩ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«መሪጌታ፣ እርስዎስ?»

አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። መታጠቂያው ወገቡን ሁለት ጊዜ ዞሮ ገና ይተርፋል። እኔ ያን መታጠቂያ በየቀኑ እያየሁ አላየሁትም።

«እሱ ደህና ነው» አለች እትዬ ሸዋአየሁ። «ወንድሜ ጾመኛ ነው። እህል በአፉ ካልዞረ ሰነበተ። ሌሊቱን ሲሰግድ ያድራል፣ ጉልበቱን ብታየው!»

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ረቡዕ ነው እንጂ!»

«ረቡዕ ነው። ግን ያለነው ሃምሳው ላይ ነው።» ዶክተሩ ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም የቄስ ልጅ ነኝ፣ ደብረ ታቦር ያደግሁት። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። አይሰገድም። ይህን ለመሪጌታ እኔ አልነግራቸውም። ታዲያ ምን ጾም ነው የያዙት?»

በዚያ ክፍል ውስጥ የደብር ቤተሰብ ነበርን፤ ሃምሳው ሲገባ ለተማሪ ሁሉ «አትጹሙ» ብሎ የሚያውጅ አባቴ ራሱ ነበር። በየማለዳው ያልተነካ ሳህኑን አንስቼ የማጥበው እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ «አባዬ፣ ሃምሳ አይደል እንዴ?» አላልኩም። ለጎረቤት ጾመኝነቱን ለማውራት ግን ምላሴ አልሰነፈም።

ዶክተሩ እኔን አየ። «አንቺ፣ አባትሽ የሚያስተምሩ ጊዜ ምን ያደርጋሉ?»

«ምንም። ተማሪዎቹ የዐቢይ ጾሙን ዜማ ከፋሲካው ቢቀላቅሉት እንኳ ዝም ነው።»

«ድሮስ?»

«ድሮማ መቋሚያ ይሰበር ነበር።»

ሁላችንንም አስወጣን። ሌሎቹ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እኔ ዞሬ ከመስኮቱ ሥር ተጠጋሁ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ጆሮዬ ግን እንደ ምላሴ ነው።

አባቴ ሲመልስ በጥያቄውና በመልሱ መካከል አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል።

«ሰጠኝ ሲታመም ምን አጠፋሁ ይላሉ?»

«ሐኪም ቤት አልወሰድኩትም።»

«ያሳዝናል። ማንም አባት ይህን ያስባል። ሌላስ?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም ማለት?»

«ያስተማርኳቸው ሁሉ ረክሰዋል። ዜማው በእኔ አፍ አልፏል። ባለፈው ዓመት በጃናሞራ ገብስ ላይ የወረደው በረዶ በእኔ ነው።»

«ባለፈው ዓመት ሰጠኝ በሕይወት ነበር እኮ፣ መሪጌታ።»

«ነበር። የማደርገውን እግዚአብሔር አስቀድሞ ያውቅ ነበር።»

አባቴ የሊቃውንቱን ክርክር እንደ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ይወጣል ብዬ አልሜም አላውቅ።

«ከቀኑ የቱ ጊዜ ይከፋብዎታል?»

«ንጋቱ። ዶሮ ሳይጮህ እነቃለሁ። ዳግመኛ አይወስደኝም። ወደ ማታ ትንሽ ይለቀኛል።»

«ማኅሌት ሲቆም ደስ ይልዎታል?»

«ጆሮዬ ይሰማል። ወደ ውስጥ አይገባም።»

«ስለ ሰጠኝ አልቅሰዋል?»

«አልቻልኩም። ለማልቀስም ሰው መሆን ያስፈልጋል። ፊቱም አይታየኝም።»

«ሞትን ያስባሉ?»

ለዚህኛው መልስ ብዙ አቡነ ዘበሰማያት አለፈ።

«ይሻላል።»

«ከሰጠኝ ጋር ለመገናኘት ብለው?»

«እሱ ካለበት እኔ አልደርስም። ምድሪቱ እንድትገላገለኝ ነው።»

«የት፣ እንዴት የሚለውን አስበውበታል?»

«በየንጋቱ ከአንገረብ ገደል አፋፍ እቆማለሁ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ሄጄ ነበር። እናኑን ወደ ሐኪም ማድረስ አለብኝ ብዬ ተመለስኩ።»

ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። «አባቴ ከሁሉ ቀድሞ ደጀ ሰላም ይደርሳል!» ብዬ ያወራሁለት ያን ሰዓት ነበር። እኔ ስኩራራ እሱ ገደል አፋፍ ላይ ነበር።

ዶክተሩ ሁላችንን ጠርቶ አባቴ ባለበት ነገረን። ደረቱንና ሆዱን ሁሉ መርምሯል፣ ደምም ወስዷል፤ የሚያከሳ ሌላ በሽታ አለመኖሩን ያረጋግጣል። «ይህ ግን ሐዘን ብቻ አይደለም» አለ። «ከሐዘን ተነስቶ ሌላ ነገር ሆኗል። የወይዘሮ እናኑ ሐዘን ዝናብ ነው፣ ይወርዳል፣ ያባራል። የመሪጌታ ግን ጉም ነው፣ ተራራውን ከነሜዳው ሸፍኖ አላነሳ ብሏል። ወይዘሮ እናኑ ‹ይህን ባደርግለት ኖሮ› ይላሉ። እሳቸው ደግሞ ያልሠሩትን በረዶ ሳይቀር በራሳቸው ይጭናሉ። ይህ በሽታ ነው፣ በክኒን ይታከማል። ዛሬ እዚሁ መተኛት አለባቸው፣ ብቻቸውን አይተዉም።»

«መሪጌታ ሐብተ ማርያም ከእብድ ጋር!» አለች እትዬ ሸዋአየሁ። «ደብሩ ምን ይላል? ስሙ ይጠፋል!»

«ስሙ ይጥፋ» አለች እናቴ። ፊቷ ሌላ ነበር። ስትሰድባት ሰምቼ አላውቅም፤ አሁንም አልሰደበቻትም፤ አልፋት ሄዳ አባቴ እግር ሥር ተቀመጠች። «አንቱ፣ እኔ ጩኸቴን ብቻ ስሰማ ከረምኩ። እርስዎን አልሰማሁም።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «አልጋውን ለሚገባው ስጡት። ክኒኑንም።»

አያ ፋንታሁን ለመነ። እኔ አለቀስኩ። እምቢ። አንድ ሰው ዋጋ የለኝም ብሎ ካመነ በምን ታባብለዋለህ? ስጦታ ብትሰጠው ሌብነት ይመስለዋል።

ያን ጊዜ ዶክተሩ «የንስሐ አባታቸው ማናቸው?» አለ።

አባ ወልደኢየሱስ ናቸው፤ ሮጬ ጠራኋቸው። ከመስኮቱ ሥር የሰማሁትን ሁሉ በመንገድ ላይ ነገርኳቸው። ሲደርሱ ዶክተሩን ወደ ጎን ወሰዱት፤ እኔም ካጠገባቸው አልራቅሁም።

«ልጄ፣ በዐቢይ ጾም በመጣ ቁጥር ስግደት ጨመርኩበት። ይበረታልኛል ብዬ። ይልቅ ገደል ገፋሁት» አሉ። «አሁን ቀኖና አድርጌ ልስጠው፣ ብላ፣ ዋጥ ልበለው?»

«ቀኖና አይበሉት አባ። ቀኖና ካሉት ‹ይኸው፣ በእውነት በድያለሁ› ይላል። ዝም ብለው ይዘዙት፣ እንደ አባት።»

አባ ወልደኢየሱስ ገብተው ቆሙ። «ሐብተ ማርያም፣ በሃምሳው መጾም የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት መተው ነው። ትበላለህ። ሐኪሙ የሚሰጥህን ትውጣለህ። ይገባኛል አይገባኝም ብለህ አትመዝነውም፣ ያዘዝሁህ እኔ ነኝ።»

አባቴ ሲቆይ፣ ሲቆይ፣ ራሱን ዝቅ አደረገ። የታዘዘው እንደ ተማሪ ነው። ደስ አላለውም። ግን ተኛ።

ክኒኑ የተአምር ክኒን አይደለም። ዶክተሩ ቀድሞ ነግሮናል፤ መጀመሪያ አፉ ይደርቃል፣ ሆዱ ይያዛል፣ ልቡ ግን ለሳምንታት ለውጥ አያይም፣ እንዳትተዉት። ከአንድ ጊዜ የሚዋጠው በላይ አጠገቡ አይቀመጥም፤ ሲበዛ መርዝ ነው። እናቴ ከአልጋው ሥር ሰሌን ዘርግታ ከረመች። አብዳለች የተባለችው ሴት አርአያ የተባለውን ሰው ትጠብቅ ነበር። እዚያው ሰሌኗ ላይ ስለ ሰጠኝ ታለቅሳለች፣ ታበቃና ገንፎ ታጎርሰዋለች።

ሰኔ ሲገባ እንቅልፉ ቀድሞ መጣ። ከዚያ ተነስቶ በረንዳ ላይ መራመድ ጀመረ። እኛ እልል ልንል ስንል ዶክተሩ ገሠጸን። «አሁን ነው ይበልጥ መጠበቅ ያለባቸው። ልባቸው ሳይቀል እግራቸው ይቀድማል፤ ገደሉ ድረስ የሚወስዳቸውን ጉልበት አሁን ነው ያገኙት።» አያ ፋንታሁን የእርሻውን ጊዜ ትቶ በቅሎውን ሸኝቶ ቀረ። በረንዳው ላይ ከአባቴ ኋላ ኋላ ሲሄድ «ምነው እንደ ጥላ ትከተለኛለህ?» አለው አባቴ። «የከተማ ጥላ መሆን እየለመድኩ ነው» አለው።

እትዬ ሸዋአየሁ በየእሑዱ ትመጣለች። ከእናቴ ጋር አትነጋገርም ነበር፤ አንድ ቀን ግን ሰሌኑ ላይ ከጎኗ ተቀመጠች። «ጾመኛ ነው እያልኩ ወንድሜን በረሃብ ልጨርሰው ነበር» አለች፤ እናቴም «ሁላችንም» አለቻት። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ እሑድ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣ ገንፎ ይዤ ስገባ አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ የበረደው መሰለኝ። ቀና ሲል ፊቱ ርሷል። አፉን ከፈተ፣ የወጣው ድምፅ የድጓ መምህር ድምፅ አልነበረም፤ ቤት የተቃጠለበት ሰው ጩኸት ነው።

እትዬ ሸዋአየሁ ከሰሌኑ ዘላ ተነሳች። «ዶክተር! ኧረ ድረሱ! አሁን ገና አበደ!»

ዶክተር ሐዲስ እየሮጠ መጣ። ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠና የአባቴን እጅ ያዘ።

«መሪጌታ፣ ምን ሆኑ?»

«ሰጠኝ ሞተ» አለው አባቴ፣ ዛሬ ጠዋት እንደሰማ ሰው። «ልጄ ሞተብኝ። እጁን ይዤው ነበር። እያየኝ ነበር። ፊቱ ታየኝ።»

«ይታይዎታል?»

«ይታየኛል። ዓይኑ ይታየኛል።»

«በረዶውስ፣ መሪጌታ?»

አባቴ በእንባው ውስጥ ግራ ገብቶት አየው። «የምን በረዶ?»

ዶክተሩ ተነሳና ለእናቴ ቦታ ለቀቀ። «ተዉዋቸው» አለን፤ «ክኒኑ ይቀጥላል፣ ገና ነው። ይህ ግን ሐዘን ነው።»

እናቴ አልጋው ላይ ወጥታ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አስጠጋች፤ ሁለቱም ሲጮሁ በበረንዳው ያሉ በሽተኞች ሁሉ ዞረው አዩ። እትዬ ሸዋአየሁም አማተበችና በመጨረሻ አለቀሰች። እኔ ገንፎውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ወንድሜ ሞቷል፣ አባቴ ደረቱን ይመታል፣ እኔ ግን ደስ ብሎኛል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ ብሎኛል።